ከልቤ ደስ ብሎኛል፣ አልመጣም

የሥራ ባልደረባ ሁሉ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ሠርግህ ላይ እመጣለሁ ብሎ ይቀራል፣ ወይ እመጣለሁ ብሎ ሦስት ሰው አስከትሎ ይመጣል። ሦስተኛ ዓይነት አለ ቢሉኝ ድሮ አላምንም ነበር። ግን አለ፤ በየመሥሪያ ቤቱም አንድ አይጠፋም። ዓይን ዓይንህን እያየ፣ በሙሉ ጤናው፣ ፈገግ ብሎ «አልመጣም» የሚልህ ሰው ነው።

የእኛ መሥሪያ ቤት ሞሮጎሮ ከተማ፣ ከተራራው ግርጌ ያለ የውሃ መሥሪያ ቤት ነው። የእኛ ሰው ደግሞ «ክቡር ሊቀ እምቢታ» ብለን የሰየምናቸው የመዝገብ ቤቱ ሹም፣ ምዜ ቦናቬንቸር ምሎካ ናቸው፤ ምዜ ትልቅ ሰው የምናከብርበት መጠሪያ ነው። ዕድሜያቸው ሃምሳ ስምንት፣ ቁመታቸው ከፋይል መደርደሪያው የላይኛው እርከን ላይ ያለ መሰላል የሚደርስ። በሠላሳ ዓመት አገልግሎት አንድም የባልደረባ ሠርግ ላይ አልተገኙም። አንድም! «ምሎካ የራሱም ቀብር ላይ አይገኝም» እያልን እንስቅባቸው ነበር። ሳቁን ብዙ ጊዜ የምጀምረው እኔ ነበርኩ።

እኔ በልጄ ስም ማማ ሲፋ እባላለሁ። በደመወዝ መዝገቡ ላይ የሂሳብ ክፍል ጸሐፊ ነኝ፤ ሰው የሚያውቀኝ ግን በሌላው ሹመቴ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሠርግ ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ ሆኛለሁ። እኛ ዘንድ ሠርግ የሚደግሰው ሙሽራው ብቻውን አይደለም፣ መሥሪያ ቤቱ ነው። ከሦስት ወር በፊት የመዋጮ ካርድ በየጠረጴዛው ይበተናል። ካርዱ ላይ ለአንድ ሰው ይህን ያህል፣ ለባልና ሚስት ይህን ያህል ተብሎ ታትሟል። ሞልቶ ያዋጣ የጥሪ ካርድ ይደርሰዋል፣ ያላዋጣ ሙዚቃውን ከአጥር ውጭ ይሰማል። እኛ የኮሚቴ ሰዎች እሑድ እሑድ ቢራ ቤት ተሰብስበን እንቆጥራለን። የምንቆጥረው ግን ገንዘብ እንዳይመስላችሁ፤ የምንቆጥረው ቃል ነው። በዚያ ቃል አዳራሽ እንይዛለን፣ ወንበር እንከራያለን፣ ፍየል እንገዛለን።

ቃሉም አንድ ብቻ ነው፤ «አብረን ነን»። ካርዱን ስትሰጠው ደረቱን መታ መታ አድርጎ «አብረን ነን ወንድሜ!» ይልሃል። ካርዱን መሳቢያው ውስጥ ይወረውረዋል፤ ካርዱም ከዚያ አይወጣም። አብረን ነን ያለ ሰው እሺ አላለም፣ እምቢም አላለም። ይሉኝታ ይዞት ነው። ፊትህን ላለማጥቆር ሲል ሠርግህን ያጠቁረዋል። በሠርጉ ሳምንት ሙሽራው አራጣ አበዳሪ ደጅ ሲቆም ያየሁት አንዴ ሁለቴ አይደለም።

በሠርጉ ዕለት ደግሞ ምክንያቱ ይጎርፋል። የቆጣሪ ክፍሉ ሳሉሙ የእናቴ መቀነት ጠለፈኝ ከማለት አልፎ አያቱን ይገድላል። እስከ ባለፈው ዓመት ድረስ አራት ሴት አያቶች ቀብሯል፤ አምላክ ለሰው ሁለት ሴት አያት ብቻ እንደሚሰጥ የነገረው የለም። ቱማይኒ የምትባለዋ ጸሐፊ ጠዋት ሙሽራይቱ ፀጉሯን እየተሠራች ሳለ፣ የሚያለቅስ ፊትና የተጋጠመ እጅ የሞላበት መልእክት በስልክ ትልካለች። እኔስ? እኔ ገንዘብ ያዥ ስለሆንኩ መቅረት አልችልም። ሦስት ሠርግ በአንድ ወር ሲደራረብ ተበድሬ እሄዳለሁ፣ ሴቱ ሁሉ የሚለብሰውን የሠርጉን ጨርቅ በዱቤ ገዝቼ አስተካክዬ እለብሳለሁ፣ ፎቶ ላይ ከሁሉ ፊት ቆሜ እስቃለሁ።

ክቡር ሊቀ እምቢታ ግን ሥርዓታቸው ሌላ ነው። ጎድሊስን የሚባል የቢል ክፍል ልጅ ሊያገባ ካርድ በበተነ ዕለት እንዴት እንዳደረጉ ላውራችሁ። ካርዱ ጠረጴዛቸው ላይ ያረፈው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ከምሳ በፊት ተነሡ። የሸሚዛቸውን አንገት ቆለፉ፣ ካርዱን ከነፖስታው ያዙ፣ ጎድሊስን ክፍል ገብተው በሩን ዘጉ። እኔ ከጎድሊስን ጋር ደረሰኝ እያመሳከርኩ ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ። ወንበር ቢስብላቸው አልተቀመጡም።

«ጎድሊስን ልጄ» አሉ «ከልቤ ደስ ብሎኛል፣ አልመጣም።»

«ምዜ! ሠርጉ እኮ ገና ሦስት ወር አለው!»

«ለዚህ ነዋ ዛሬ የምነግርህ። ዛሬ ብነግርህ አንድ ወንበር ታተርፋለህ፣ በዋዜማው ብነግርህ አንድ ሳህን ምግብ ትደፋለህ።»

«ምን ገጠመዎት ግን? ክፉ ነገር ነው?»

«ክፉ አይደለም። እጅ አጥሮኛል፣ ዘንድሮ አልችልም። ካርዱን ይኸውልህ፤ እኔ ዘንድ ሲያረጅ ከሚውል ለሌላ ሰው ስጥበት።»

ይኸው ነው። አያት አልሞተም፣ ጉልበት አልታመመም፣ «እሞክራለሁ» የለም። አንድ ምክንያት፣ እሱም አጭር። ጎድሊስን ካርዱን በሁለት ጣቱ ተቀበለ። እሳቸው ግን አልወጡም።

«የሙሽራይቱ ስም ማነው?»

«ዊትነስ።»

«ዊትነስ። አገሯ የት ነው?»

«ንጆምቤ።»

«አሃ፣ የብርድ ልጅ! ይህ የእኛ ሙቀት እንዳያማርራት አደራ። የጥሪ ካርዱ ሲታተም ፖስታው ላይ ስም የሚጽፍ ሰው አትፈልግ። ገንዘብ የለኝም እንጂ የምሳ ሰዓት አለኝ።»

እውነትም ጻፉ። ሁለት መቶ አርባ ፖስታ፣ በዚያ የድሮ ትምህርት ቤት በሚመስል የተቀረጸ ጽሕፈታቸው። የእያንዳንዱን እንግዳ ስም ሳያበላሹ፣ ባለትዳሩን ከነሚስቱ፣ መምህሩን ከነማዕረጉ። ሠርጉ ባለፈ ሰኞም ጎድሊስን ክፍል መጀመሪያ የገቡት እሳቸው ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው የሠርጉን ፎቶ ሁሉ፣ አራት መቶውን፣ አንድ በአንድ እየጠየቁ አዩ። «ይህች የማን እናት ናት? ዊትነስ እዚህ ጋ ለምን አለቀሰች?» ሠርጉ ላይ የነበርነው ሰዎች ፎቶውን ለማየት ጊዜ አልነበረንም።

ይህን ሁሉ እያየሁ ምን አልኩ? ስስታም አልኩ። «ጽሕፈት ነፃ ነው፣ ቀለሙም የመንግሥት ነው» አልኩ ቢራ ቤት። ኮሚቴው በሳቅ ፈረሰ።

የዳይሬክተራችን ልጅ ሲያገባማ ሁላችንም ትንፋሻችንን ያዝን። ለዳይሬክተር «አልመጣም» የሚል ፍጡር በዚህ ምድር አልተፈጠረም። ሰባት ልጅ ያለው ሾፌር እንኳ ላሙን ሸጦ አዋጥቷል። ምዜ ምሎካ የሸሚዛቸውን አንገት ቆለፉና ገቡ፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ወጡ። በሩ ላይ የምትቀመጠው ቱማይኒ እንደነገረችን ዳይሬክተሩ «ምዜ፣ ለእኔ ነው እንዲህ የሚሉኝ?» ብሏቸዋል። እሳቸውም «ለማን ልዋሽ ክቡር ዳይሬክተር? ለእርስዎ ዋሽቼ ለጥበቃው እውነት ብናገር እርስዎን መናቅ አይሆንም?» አሉት። በዚያ ዓመት የደረጃ እድገት ስማቸው አልወጣም። አንድ ቀንም ስለዚያ ሲያማርሩ አልሰማሁም።

አንድ ቀን ለምን እንደሆነ በድፍረት ጠየቅኳቸው። ሺካሞ ብዬ እንደ ታናሽነቴ ሰላምታ ሰጠሁ፣ እሳቸውም ማራሃባ ብለው ተቀበሉኝ፤ ከዚያ ነገሩን አነሣሁ።

«ምዜ፣ ግን ሰው ይቀየምዎታል እኮ። አብረን ነን ቢሉ ምን ይጎድልብዎታል?»

«እኔ ምን ይጎድለኛል? የሚጎድለው የደጋሹ ነው።»

«ቢያንስ ምክንያቱን ከፍ አያደርጉትም? ‹እጅ አጠረኝ› ሲሉ ሰው ፊት ያሳፍራል።»

«ማማ ሲፋ፣ እውነቱን ተናገሪ፣ ልብስሽን ግን አታውልቂ። እጅ አጠረኝ አልኩ፣ በቃ። ኪሴን ገልብጬ ላሳይ እንዴ? ምክንያት ሲበዛ ሰውየው መፍትሔ ይፈልግልሻል፤ ‹ላበድርሽ፣ ልላክልሽ› ይላል። ያኔ እሱን ማስቸገር ነው።»

አራት ልጆች በመዝገብ ቤት ደመወዝ እንዳስተማሩ፣ ሟች ወንድማቸው የተዋቸውን ሁለቱን ደግሞ እንደጨመሩበት የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው። በወር ሁለት ሠርግ ቢያዋጡ ከስድስቱ አንዱ ከትምህርት ቤት ይቀራል። ሂሳቡ ይህ ነበር፤ ሂሳብ ክፍል የተቀመጥኩት እኔ ግን አልደረስኩበትም።

እንግዲህ ባለፈው ዓመት፣ ከረጅሙ ዝናብ ወራት በአንዱ፣ ክቡርነታቸው ራሳቸው በየጠረጴዛው ካርድ ይዘው ዞሩ። የመጨረሻ ልጃቸው ፌቭሮኒያ ልታገባ ነው። መሥሪያ ቤቱ እንደ ቀፎ አጉረመረመ። ካርዱ የጥሪ ካርድ ነው፤ ከፊቱ የመዋጮ ካርድ አልመጣም። ኮሚቴ የለም፣ መዋጮ የለም። የሠላሳ አንዳችን ስም በእጃቸው ተጽፏል። ሠርጉ ተራራው ላይ፣ ትውልድ መንደራቸው ምጌታ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከመሥሪያ ቤቱ በር የሚያነሣን ቅጥቅጥ አውቶቡስ ተከራይተዋል።

«ያለ መዋጮ?» አልኳቸው። ሙያዬ ነውና ደነገጥኩ።

«ለማንም ሳላዋጣ በምን ዓይኔ ልጠይቅ? ሦስት ዓመት አጠራቅሜያለሁ። ሠላሳ አንድ ሰው ከመሥሪያ ቤት ማብላት እችላለሁ፤ ከዚያ በላይ አልችልም። የማይመቸው ሰው እስከ ሐሙስ ይንገረኝ፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ፍየሉም የሚታረደው በቁጥር ነው።»

ሠላሳው ሰው ምን አለ? ደረቱን መታና «አብረን ነን ምዜ!» አለ። እሳቸውም አንድ በአንድ ወረቀታቸው ላይ ምልክት አደረጉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው የተናገረውን ሁሉ እንደ ተናገረው የሚወስዱ ሰው ናቸው። ሌላውም ሰው እንደ እሳቸው የሚናገር ይመስላቸዋል።

የእኔ ነገር ሌላ ነበር። ማንም የማያውቀውን ልንገራችሁ። ያ ሁሉ አዲስ ቀሚስ፣ ያ ሁሉ ፎቶ የሚከፈለው ቤቴ ውስጥ ካለች የስፌት መኪና ነው። ከሥራ በኋላ ለአንድ ሱቅ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። በዚያ ሳምንት አርባ ቀሚስ ተቀብያለሁ፤ ቅዳሜ ማታ ካላስረከብኩ ክፍያ የለም። ሰኞ ደግሞ የልጄ የሲፋ ትምህርት ቤት ይከፈታል፣ ያልከፈለ ተማሪ ከበሩ ይመለሳል። ምጌታ ሄጄ ከተመለስኩ ቅዳሜ አለቀ።

ሁለት ቀን «አብረን ነን» ልበል አልበል እያልኩ አመነታሁ። ከምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች፣ ቀላል ናት። ረቡዕ ግን ከምሳ በፊት ካርዴን ይዤ መዝገብ ቤት ገባሁ። አገባቤን ሁሉ አበላሸሁት። መጀመሪያ ተቀመጥኩ። ከዚያ ስለ ዝናቡ አወራሁ፣ ስለ መንገዱ ጭቃ አወራሁ፣ ቁርጥማት እንዳለብኝም ተናገርኩ። ቁርጥማት የለብኝም። እሳቸው እጃቸውን ፋይል ላይ አድርገው ሰሙኝ።

«ምዜ» አልኩ በመጨረሻ «ከልቤ ደስ ብሎኛል፣ አልመጣም። እስከ ቅዳሜ ማታ የማስረክበው የስፌት ሥራ አለብኝ።»

ፊታቸው ላይ ሐዘን እጠብቅ ነበር። እፎይ አሉ! ካርዴን ተቀብለው መሳቢያ ከፈቱ፣ አዲስ ፖስታ አወጡ፣ ብዕራቸውን ነካ አደረጉና ጻፉ። የጻፉት «ማዴንጌ» ነው፤ የበሩ ጥበቃ።

«ቦታ ስላልበቃኝ ትቼው ነበር» አሉ። «አሥራ አንድ ዓመት በሩን ሲከፍትልኝ ለእሱ ካርድ ሳልሰጥ ማለፍ እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። እግዚአብሔር ይስጥሽ።»

ማዴንጌ የሌላ ድርጅት ቅጥር ስለሆነ ማንም ኮሚቴ ካርድ ሰጥቶት አያውቅም። እኔም ሰጥቼው አላውቅም።

«ምዜ፣ እኔስ ምን ላድርግ? ገንዘብ የለኝም፣ ግን...»

«የምትችይውን ብቻ።»

«ለሠርጉ የሚለብሱት ሱሪ ልክዎ ነው?»

ሳቁ። ልብሱ የሚስታቸው ወንድም ያዋሳቸው ነው፣ ሰውየው ግን ወፍራም። በማግሥቱ በምሳ ሰዓት ሱሪውን ይዘውልኝ መጡ፤ ሂሳብ ክፍል ጠረጴዛዬ ላይ በእጄ ወገቡን አጠበብኩ። ቱማይኒ አየችኝ። «ውይ ማማ ሲፋ፣ ልብስ ሰፊ ሆንሽ እንዴ?» አለች ጮክ ብላ። «አዎ፣ ድሮም ነኝ» አልኩ። ፊቴ ጋለ፣ ግን አልሞትኩም።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው ያን ወሬ የሰማሁት። ሳሉሙና ሁለት ሦስት ሰዎች የውሃ ማጣሪያው አጠገብ ቆመው ያወራሉ።

«አንተ ትሄዳለህ?» አለ አንዱ።

«እኔ? በዚህ ጭቃ? እሱ የማንን ሠርግ ረግጦ ያውቃል?» አለ ሳሉሙ። «ብድር በምድር።»

«አብረን ነን ብለሃል እኮ።»

«አንተስ አላልክም? ሌላው ይሄድ የለ፣ አንድ ሰው ቢቀር ማን ያየዋል።»

«መዋጮ አለመጠየቁ ራሱ ንቀት ነው። እናንተ ድሆች ናችሁ ማለቱ ነው!» አለ ሦስተኛው።

ያ ቀን ሐሙስ ነበር። መዝገብ ቤቱ ከእኔ ክፍል ሁለት በር ነው። ፍየሉ ገና አልታረደም፣ አውቶቡሱ ገና አልተከፈለም። ሄጄ «ምዜ፣ ሰው አይመጣልዎትም» ልበላቸው ብዬ ተነሣሁና ተቀመጥኩ። ሰው ላይ ማሳበቅ መሰለኝ። ምናልባት ይሄዱ ይሆናል አልኩ። ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ ያ ዝምታ ያቃጥለኛል።

ቅዳሜ ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ አላባራም። እኔ ቀሚሶቼን ሰፋሁ፣ ማታ አስረከብኩ፣ ሰኞ ሲፋ ትምህርት ቤት ገባች። እኔም ሥራ ገባሁ። በሩ ላይ ማዴንጌ ቆሟል፤ ሰላም ስለው ወደ ጎን ሳበኝ።

«ማማ ሲፋ፣ ቅዳሜ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ እኔና ሹፌሩ ቆምን» አለኝ። «የወንድሜን ኮት ለብሼ፣ ጫማዬን ቀብቼ። ሹፌሩ ጥሩንባ ይነፋል፣ ማንም የለም። ሦስት ሰዓት ሆነ። ምዜ ከመንደር ደወሉ፤ ‹ዝናብ ስለሆነ ነው፣ ትንሽ ጠብቁ› አሉ። አራት ሰዓት ላይ ደግመው ደወሉ። ‹ስንት ናችሁ?› አሉኝ። ምን ልበላቸው? ‹እኔ ነኝ› አልኩ። ‹ሌላስ?› አሉ። ‹እኔ ነኝ› አልኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሄድን። ሠላሳ ሦስት ወንበር፣ እኔና ሹፌሩ። ጭቃው ላይ መኪናው ሲንሸራተት ‹ክብደት ቢኖረን አይንሸራተትም ነበር› ይለኛል። ደረስን። ሦስት ጠረጴዛ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ‹የአባት የሥራ ባልደረቦች› ተብሎ በእጃቸው ተጽፎ ቆሟል። መሐሉ ላይ አስቀመጡኝ። ዘመዶቹ እየመጡ ያዩኛል፣ ይሄዳሉ። የሚስታቸው ወንድም ‹የመሥሪያ ቤት ሰዎችህ የት አሉ?› ሲላቸው፣ ትከሻዬን ያዝ አደረጉና ‹ይኸውልህ› አሉ።»

ማዴንጌ ለመጣ መኪና በሩን ከፍቶ ተመለሰ።

«ስጦታ የሚሰጥበት ሰዓት ሲደርስ አስተዋዋቂው በማይክ ‹አሁን ደግሞ የአባት የሥራ ባልደረቦች በጭፈራ ይውጡልን!› አለ። ሙዚቃው ተለቀቀ። ሰው ሁሉ ወደ ሦስቱ ጠረጴዛ ዞረ። ምን ላድርግ ማማ ሲፋ? ተነሣሁ። ብቻዬን እየጨፈርኩ ያን ሁሉ ሜዳ አቋረጥኩ። ምዜ ከመቀመጫቸው ተነሥተው እየጨፈሩ መጡና መንገድ ላይ ተቀበሉኝ። ያን ጊዜ ነው ሰው ያጨበጨበው።»

ከማዴንጌ ተለይቼ ስገባ ባልደረቦቼ መዝገብ ቤት በር ላይ ተሰልፈዋል። ሳሉሙ አምስተኛ አያቱን ገደለ። ቱማይኒ ስልኳ ኔትወርክ አልነበረውም። ጎድሊስን፣ ያ ሁለት መቶ አርባ ፖስታ የተጻፈለት ጎድሊስን፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «ሚስቴ አመማት» አለ። ምዜ ምሎካ የእያንዳንዳቸውን እጅ ጨበጡ። ለሳሉሙ «ነፍሳቸውን ይማር» አሉት። ለጎድሊስን «ለዊትነስ እግዚአብሔር ይማርሽ በልልኝ» አሉት። አንዱንም አልነቀፉም። በሕይወቴ ከዚያ የከፋ ቁጣ አይቼ አላውቅም።

ሁሉም ሲወጡ ገባሁ። ፊታቸው ከስቷል፣ የታችኛው ከንፈራቸው ደርቋል። ሱሪውን አጣጥፈው ጠረጴዛው ጥግ አስቀምጠዋል፣ ሊመልሱት ይመስለኛል።

«እንኳን ደስ ያለዎት ምዜ» አልኩ፤ እንዳልቀመጥ ተጠነቀቅኩ። «ፎቶ አለ?»

ስልካቸውን ሰጡኝ። ፌቭሮኒያ ረጅም ናት፣ እንደ አባቷ። ከኋላዋ ነጭ ጨርቅ የለበሱት ጠረጴዛዎች ይታያሉ። ፎቶ አንሺው እንዳይታዩ ብዙ ለፍቷል፣ ግን ሦስት ረድፍ ባዶ ወንበር የት ይደበቃል? አንድ በአንድ አየሁ። ማን ማን እንደሆነ ጠየቅኩ፣ ነገሩኝ። ሳያልቅ ግን እንባዬ መጣ።

«ምዜ፣ እኔ አውቅ ነበር» አልኩ። «ሐሙስ ዕለት ሲያወሩ ሰምቻለሁ። እንደማይመጡ አውቅ ነበር። ልነግርዎ ተነሥቼ ተቀመጥኩ።»

መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ብትነግሪኝ ጥሩ ነበር» አሉ። «አልዋሽሽም፣ በጣም ጥሩ ነበር። ሦስት ፍየል ነው የታረደው። የሚስቴ ዘመዶች እስከ እሑድ ማታ ሥጋ ሲሸከሙ ዋሉ፤ ልጄም ጠረጴዛውን ላለማየት ፊቷን ስታዞር ውላለች።» መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «ግን የራስሽን ‹አልመጣም› ነው መናገር ያለብሽ፣ ተናግረሻል። የእነሱ ‹አልመጣም› የእነሱ ዕዳ ነው።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«አንቺን? ማማ ሲፋ፣ ሠላሳ ሰው እመጣለሁ አለኝ፣ አንድም አልመጣም። አንቺ አልመጣም አልሽኝ፣ በአንቺ ወንበር ሰው መጣልኝ። ከመሥሪያ ቤት የመጣሽልኝ አንቺ ብቻ ነሽ።»